መጀመሪያ ካስኩን ቁጠሩ

(ድሬዳዋ ውስጥ የፀጉር ሥራ ሰልጥነው የራሳቸውን ቤት ሊከፍቱ ለተዘጋጁ ልጆች ካደረግኩት ንግግር የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። ሙቀቱ እንዳለ ነው፣ ማራገቢያው ደግሞ ወደ እኔ ብቻ ዞሯል። እናንተ ጋ ያለችው ወደዚያ ታዙረው፤ እኔ ለምጄዋለሁ።

የተጠራሁት ስለ ፖስት እንዳወራ ነው። አዲስ የሴቶች ፀጉር ቤት ሲከፈት በቴሌግራምና በቲክቶክ ምን ይለጠፋል፣ በምን ቅደም ተከተል፣ የመክፈቻ ሳምንቱ ስጦታ እንዴት ይነገራል፣ እሱን ነው። እሺ፣ አወራለሁ። ግን ስልኩን ከማውጣታችን በፊት ስለ ካስክ እናወራለን። ለምን እንደሆነ አሁን ይገባችኋል።

ከሦስት ዓመት በፊት ለአንድ ፀጉር ቤት የመክፈቻ ፖስት የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስሙን ተዉት፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ምን ብዬ ጻፍኩ? «የመክፈቻ ሳምንት! በሁሉም አገልግሎት 50% ቅናሽ!» በቃ። ቀይ ጀርባ፣ ቢጫ ፊደል፣ ከኢንተርኔት የወረደች ቆንጆ ልጅ። ፖስቱ እንደ ጉድ ተላለፈ። እኔም ደረቴን ነፋሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሄድኩ። በሩ ላይ ሰው ቆሟል፣ ደረጃው ላይ ሰው ተቀምጧል። ውስጥ ሁለት ፀጉር ሰሪዎች አሉ። አንዷ ሪላክሰር ቀብታ ሳለች የቤቱ ባለቤት ጠራቻትና ሌላ ሴት ታጥብ ጀመር። ሪላክሰር የተቀባችው ልጅ መስታወት ፊት ብቻዋን ቀረች። መጀመሪያ ዝም አለች። ቀጥሎ «ያቃጥላል» አለች። «ትንሽ ታገሺ፣ መጣሁ» ተባለች። ሲታጠብላት ከጆሮዋ በላይ ያለው ቆዳ ቀልቷል፤ በማግስቱ ቆስሎ ነበር። ልጅቷ የመጣችው የኔን ፖስት አይታ ነው። ሰሪዋን ልወቅሳት አልችልም። አንዲት ሴት በሁለት እጇ ስንት ጭንቅላት ልትይዝ ትችላለች?

ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ለራሴ ወሰንኩ። የመክፈቻ ፖስት ማለት በር ላይ ሰልፍ መጥራት ነው። ሰልፉን ከመጥራትሽ በፊት ቤቱ ስንት ሰው እንደሚያስተናግድ ማወቅ አለብሽ። ስለዚህ ዛሬ የምነግራችሁ ያ ያበላሸሁትን አይደለም። ባለፈው ዓመት የአክስቴ ልጅ ሳቢያን ላይ ስትከፍት እንዴት እንደሠራነው ነው።

የአክስቴ ልጅ ቤት ትንሽ ናት። ሦስት ወንበር፣ አንድ መታጠቢያ፣ ሁለት ካስክ። ሁለት ፀጉር ሰሪ፣ አንድ ሹሩባ ሰሪ። ሰው ሲጠይቃት «ሦስት ወንበር አለኝ» ትላለች። እኔ ግን ወንበሩን አልቆጠርኩም። ድሬ ላይ ከሹሩባ ቀጥሎ ሴቱ የሚፈልገው ታጥቦ፣ በቢጎዲ ተጠቅልሎ፣ ካስክ ውስጥ ገብቶ መውጣት ነው። ወንበር ላይ ስንት ሰው ብታስቀምጪ ዞሮ ዞሮ ካስኩ ጋ ይጠባበቃል። የውሃ ቱቦ በጠባቡ በኩል ነው የሚለካው።

በወረቀት ሠራነው። ካስክ ውስጥ 45 ደቂቃ፣ ለመግቢያና ለመውጫ ሲጨመር አንድ ሰዓት። ጠዋት ከ2:30 እስከ 6:30 አራት ሰዓት ነው፣ ካስኩ ሁለት ነው፣ ስለዚህ ስምንት ሰው። የአክስቴ ልጅ ደስ አላት። እኔ ግን «ቆይ፣ እንሞክረው» አልኩ።

ከመክፈቻው ሁለት ሳምንት ቀደም ብለን ዘመድ ጠራን። ቀጭን ፀጉር ያላት፣ ወፍራም ፀጉር ያላት፣ ከወሊድ በኋላ ፀጉሯ የሳሳ፣ አንዷ ደግሞ እስከ ወገቧ የሚደርስ። በነፃ ሠራናቸው። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ በስልኬ ሰዓት ያዝኩ። መታጠቡ ሩብ ሰዓት፣ መጠቅለሉ 25 ደቂቃ ወሰደ። ያ ማለት የቀኑ የመጀመሪያዋ ደንበኛ 2:30 ብትገባ ካስክ ጋ የምትደርሰው 3:10 ነው። እስከዚያ ካስኩ ባዶውን ነው። መጨረሻ ላይም እንደዚሁ፤ 6:30 እንድትወጣ 6:15 ከካስክ መውጣት አለባት፣ ማበጠሪያ ጊዜ አለ። የቀረው ሦስት ሰዓት ብቻ ነው። በአንድ ካስክ ሦስት፣ በሁለቱ ስድስት። በወረቀት ስምንት፣ በሥራ ስድስት።

ሌላም ነገር ወጣ። ሁለቱ ካስክ እየሠሩ ሰሪዋ ፎን ስትሰካ መብራቱ ድርግም አለ። መብራት ኃይል መስሎን ጎረቤት አየን፣ ጎረቤት በርቷል። ለካ የራሳችን ብሬከር ነው የወረደው። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው መጥቶ አስረዳን። አንዱ ካስክ ወደ 1000 ዋት ይበላል፣ ፎኑ ወደ 2000። ሦስቱ ሲደመሩ 4000 አካባቢ ነው። ሁሉም የተሰካው አንድ የ16 አምፔር መስመር ላይ ነው፣ እሱ ደግሞ በ220 ቮልት የሚችለው 3500 ዋት ገደማ ነው። ለፎኑ ለብቻው መስመር ተዘረጋለት። ይሄ በመክፈቻ ቀን፣ ሰው ሞልቶ፣ ካሜራ ተደቅኖ ቢሆን አስቡት።

እንግዲህ አሁን አንድ ቁጥር በእጃችን አለ። ጠዋት ጠዋት ስድስት ሰው። ስጦታውን በዚህ ላይ ነው የሠራነው።

ለምን ጠዋት? ከሰዓትማ ማንም ይመጣል። ድሬ ከ6 ሰዓት በኋላ ትተኛለች፣ 10 ሰዓት ላይ ትነቃለች፣ ማታ ትደምቃለች። የምሽቱ ወንበር ያለ ቅናሽም ይሞላል። ባዶውን የሚቀመጠው የጠዋቱ ነው። ቅዳሜን ደግሞ ጭራሽ አላስገባነውም። ስለዚህ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ በቀን ስድስት፣ ድምሩ 30 ቦታ።

ሳምንቱን ራሱ ስንመርጥ ትንሽ ተከራክረናል። እሷ የፋሲካን ሳምንት ፈለገች። እኔ ደግሞ ከፋሲካ ሦስት ሳምንት በፊት አልኩ። በበዓል ሳምንት ሰው በሙሉ ዋጋ ተሰልፎ ይመጣል፤ ስጦታ መስጠት ገንዘብ መጣል ነው። ሁዳዴ ላይ ግን የክርስቲያኑ ሠርግ የለም፣ ቤቱ ቀዝቀዝ ይላል። ያኔ የመጣችው ሴት ፀጉሯ ሲፈታ በዓሉ ይደርሳል፣ ተመልሳ ትመጣለች። እዚህ ላይ ተረታችልኝ።

ወደ ብሩ እንግባ። እሷም እንደ ድሮው እንደኔ 50% ቅናሽ ነበር ያሰበችው። ታጥቦ በካስክ መሠራት የእሷ ዋጋ 400 ብር ነው። ሰሪዎቿ በፐርሰንት ነው የሚሠሩት፣ 40%። ስለዚህ ከ400ው 160ው የሰሪዋ ነው። ሻምፖ፣ ኮንዲሽነር፣ ፎጣ ማጠቢያ፣ ውሃና መብራት ስናሰላው ወደ 90 ብር መጣ። ለቤቱ የሚተርፈው 150 ነው፤ ኪራይ ከዚያ ነው የሚወጣው።

አሁን በግማሽ ዋጋ አስቡት። 200 ብር ገባ። የሰሪዋን 40% ከ200ው ካሰብሽ 80 ብር ይደርሳታል። ያው ጭንቅላት፣ ያው ልፋት፣ ግማሽ ክፍያ። ለሁለት ቀን ፈገግ ትላለች። በሦስተኛው ቀን ግን ለደንበኛዋ በጆሮዋ «ቅናሹ ለዚህ ፀጉር አይሆንም» ማለት ትጀምራለች። አይቻለሁ። ሰሪዋ እንዳትጎዳ ሙሉውን 160 ልክፈላት ካልሽ ደግሞ ከ200ው ላይ 160ና 90 ሲወጣ፣ በእያንዳንዷ ደንበኛ 50 ብር ከኪስሽ ትጨምሪያለሽ። ያውም ኪራይ ሳይቆጠር።

ስለዚህ ዋጋውን አልነካነውም። 400ው እንደ 400 ቀረ። በላዩ ላይ የዘይት ትሪትመንት በነፃ ጨመርን። ዘይቱና ኮፍያው 35 ብር ይወጣበታል፣ ለሰሪዋ ስለ ተጨማሪው ሥራ 20 ብር ተስማማን። ድምሩ 55። ከ150ው ላይ ሲቀነስ 95 ብር ለቤቱ ይተርፋል። ሰሪዋ 180 ይዛ ትሄዳለች፣ ደንበኛዋም 150 ብር የሚያወጣ ነገር አግኝታለች። ያ 150 ብር ግን ውሸት መሆን የለበትም። ግድግዳው ላይ በተለጠፈው የዋጋ ዝርዝር «የዘይት ትሪትመንት 150» ብሎ መኖር አለበት። የአገልግሎት ዋጋ በሚታይ ቦታ መለጠፍ በሸማቾች ጥበቃ አዋጁ፣ በ813/2006፣ ግዴታ ነው። እኔ ግን ስለ ሕጉ ብቻ ብዬ አይደለም። ያልነበረ ዋጋ ፈጥሮ «ከዚህ ላይ ቀነስኩልሽ» የሚል ነጋዴ ቀፊራ ገበያ ላይ ስንት አለ? ሴቱ ያውቀዋል።

ትሪትመንቱን የመረጥንበት ሌላ ምክንያትም አለ። ከመታጠቡ በፊት ሞቅ ያለ ዘይት ይቀባል፣ በሙቅ ውሃ የተነከረ ፎጣ ይጠቀለላል፣ ሩብ ሰዓት ይቆያል። ካስክ አይፈልግም። ስለዚህ ተራዋን የምትጠብቀዋ ሴት ዝም ብላ አትቀመጥም፣ ትሪትመንት ላይ ናት። የጥበቃውን ጊዜ ስጦታ አደረግነው ማለት ነው።

ሪላክሰርና ቀለም ከስጦታው ውጭ ናቸው። ይሄ የማይደራደሩበት ነገር ነው። ቀለም ከመቀባቱ 48 ሰዓት በፊት ከጆሮ ጀርባ ወይም ክንድ ላይ ትንሽ ተቀብቶ መታየት አለበት፤ ለችኮላ ሳምንት የሚሆን ሥራ አይደለም። ስለ ሪላክሰሩ ደግሞ ያቺን ልጅ ነግሬያችኋለሁ። ሹሩባም አላስገባንም። እሱ አደጋ ኖሮት አይደለም፤ አንዷ ቀጭን ሹሩባ ይዛ አራት ሰዓት ከተቀመጠች የጠዋቱ ነገር አለቀ።

አሁን ስልኩን ማውጣት እንችላለን።

ፖስቶቹን ከመክፈቻው 12 ቀን ቀድመን ጀመርን። ስጦታውን ግን በመጀመሪያው ፖስት አልተናገርንም። ብዙዎቻችሁ «እንዴ!» ትሉ ይሆናል። 30 ቦታ ነው ያለው። ለ30 ቦታ 12 ቀን መለፈፍ ምን ያደርጋል? ቀድማ የሰማችው ትረሳዋለች፣ ያልረሳችው ደግሞ ሳይከፈት በር ትደበድባለች። መጀመሪያ ሰው ቤቱን ይወቀው።

የመጀመሪያው ፖስት መንገዱ ነው። ድሬ ላይ በመንገድ ስም ሰፈር የሚያገኝ ሰው አይቼ አላውቅም። ባጃጅ ውስጥ ገብተሽ ምን ትያለሽ? እሷን ነው ፖስት ማድረግ ያለብሽ። የአክስቴ ልጅ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጣ ስልኩን ወደ ፊት ያዘች፣ እኔ ከኋላ። መስጊዱን አለፍን፣ ፋርማሲው ጋ ወደ ግራ ታጠፍን፣ አረንጓዴ በር። 20 ሰከንድ። ድምፁ የባጃጁ ልጅ ነው፦ «አቦ፣ ሳቢያን ፋርማሲው ጋ በሏቸው፣ ያመጧችኋል።» ያልተዘጋጀ ነገር ነበር። ቪዲዮው ላይ ቤቱ ራሱ የታየው ለሦስት ሰከንድ ነው። ይበቃል። በመክፈቻው ሳምንት «የት ነው?» ብሎ የደወለ ሰው ሁሉ ይቺው ቪዲዮ ነበር የምትላክለት።

ሁለተኛው የውሃ ፖስት ነው። እኔ ብዙም አልጠበቅኩበትም ነበር። የድሬ ውሃ ታውቁታላችሁ። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይሠራል፣ የሻወሩን ቀዳዳ ይደፍናል። ካልሲየምና ማግኒዥየም ስለሚበዛበት ነው። ሻምፖ አረፋ እንቢ ይላል፣ ፀጉርም ከታጠበ በኋላ ድርቅ፣ ሻካራ ይላል። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ሁሉ «ፀጉሬን ምን ነካው?» ይላል። የአክስቴ ልጅ የቤቷን አሮጌ ማንቆርቆሪያ አመጣች። ክዳኑን ከፍታ ቅርፊቱን በጥፍሯ ፈልጣ አሳየች። «ይሄ ፀጉራችሁ ላይም አለ» አለች። ከዚያ በሳሎኑ ምን እንደምታደርግ አሳየች። መጨረሻ ላይ የምታለቀልቅበት ውሃ ውስጥ፣ በአንድ ሊትር አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ። ፀጉሩ ይለሰልሳል፣ በውሃ ደግማ ስታለቀልቀው ሽታው ይጠፋል።

እዚህ ላይ ተጣልተን ነበር። «ፀጉር ያሳድጋል፣ መነቃቀል ያቆማል ብዬ ልጨምር?» አለችኝ። አይሆንም። አቼቶ ፀጉር አያሳድግም። የማታደርጊውን ቃል ስትገቢ ቃሉን ይዛ የምትመጣ ሴት አለች። ይሄ ፖስት ከሁሉም በላይ ጥያቄ ያስነሳ ነው። ሰው ዋጋ አልጠየቀም። «ሮቶ ውስጥ የተጠራቀመውም ያው ነው?» ብሎ ጠየቀ። አዎ፣ ያው ነው፤ ሮቶ ውሃ ያስቀምጣል እንጂ አያለሰልስም።

ሦስተኛው መጋረጃው ነው። ከተማችን ድሬ ናት። ከሚመጡት ሴቶች ብዙዎቹ ሂጃብ ለባሽ ናቸው። እነሱ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ወንድ ይገባል ወይ? ከውጭ ይታያል ወይ?» ነው። የኋላውን ክፍል በወፍራም መጋረጃ ለየነው፤ አንድ መስታወት፣ አንድ ወንበር። ፖስቱ የክፍሉ ፎቶ ብቻ ነው፣ ሰው የለበትም። ጽሑፉም አጭር ነው፦ «እዚህ ክፍል ወንድ አይገባም። እዚህ ክፍል ስልክ አይወጣም፣ የኛም ቢሆን።» ሹሩባ ሠሪዋ ይህንኑ በኦሮምኛ አለችው፣ አንዷ ፀጉር ሰሪ በሶማልኛ። ሦስት አጫጭር ድምፆች፣ ሦስት ለየብቻ ፖስቶች። አንድ ምስል ላይ ሦስት ቋንቋ መጠቅጠቅ አልወድም፤ ፊደሉ ያንሳል፣ ማንም አያነበውም። ይቺን ፖስት ሴቶች ለሴቶች ላኳት። ማስታወቂያ ስላልመሰለች ይመስለኛል።

ፎቶ ካነሳን ላይቀር። ለአራተኛው ፖስት የሠራናቸውን ፀጉሮች አወጣን፤ እነዚያ ዘመዶቻችንን። ከኢንተርኔት አንድም ፎቶ አልወሰድንም። በፊት በሠራሁት ቤት ምን ሆነ መሰላችሁ? አንዲት ሴት የራሳችንን ፖስት በስልኳ ይዛ መጣች። «ይሄን ሥሩልኝ።» ከኛ ውስጥ ማንም ሊሠራው አይችልም ነበር። የፎቶዋ ልጅ ያለችበትን አገር እንኳ አናውቅም። ምን ይባላል? ባለቤቷ «ዛሬ ዕቃው አልቆብን» አለች። እኔ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ስለዚህ የሠራሽውን ብቻ አንሺ። ከጀርባ በኩል፣ በር አጠገብ፣ በጠዋት ብርሃን። ፊት መታየት የለበትም። ከመለጠፍሽ በፊት ፎቶውን ለፀጉሩ ባለቤት አሳዪያት፣ «ይህቺን ላውጣት?» በያት። ወደፊት አጥፊልኝ ካለችሽ ምክንያት ሳትጠይቂ አጥፊ። ከዘመዶቻችን አንዷ ባሏ እንዳይሰማ ብላ ከለከለችን። ከሁሉም የሚያምረው ደግሞ የሷ ነበር። ተውነው።

አምስተኛው የዋጋ ዝርዝሩ ነው፤ ግድግዳው ላይ ያለው በፎቶ። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚባለውን ነገር አልወደውም። በውስጥ መስመር ስትጠይቂ ዋጋው እንደ ሰው የሚለያይ ይመስላል። ስለዚህኛው ከዚህ በላይ የምለው የለም።

ስድስተኛው ነው ስጦታው። የወጣው ከመክፈቻው ሰኞ በፊት ባለው ዓርብ ነው። ቃል በቃል ላንብብላችሁ፦

«ሰኞ እንከፍታለን። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ጠዋት ከ2:30 እስከ 6:30 ታጥበው በካስክ ለሚሠሩ የዘይት ትሪትመንት በነፃ። ዋጋው 400 ብር ነው። በቀን 6 ሰው ብቻ፣ በቀጠሮ። ሪላክሰር፣ ቀለምና ሹሩባን አይጨምርም። ዓርብ 6:30 ላይ ያበቃል።»

ቀኑ በቁጥር ምስሉ ላይ አለ። ቁጥሩ፣ ሰዓቱ፣ የማይጨምረው፣ የሚያበቃበት፣ ሁሉም ራሱ ምስሉ ላይ ነው። ከሥሩ በጽሑፍ ብታደርጊው ሰው ምስሉን ብቻ ስክሪንሾት አድርጎ ይልከዋል፣ ጽሑፉ ይቀራል። «ጠዋት» የሚለውንም እንዳትረሱ። ከውጭ ለእረፍት የመጣች አንዲት ልጅ 2:30ን በፈረንጅ ሰዓት ቆጥራ በዚያ ፀሐይ 8 ሰዓት ተኩል ላይ መጣች። «ጠዋት» የሚለው ቃል ነበር፤ እሷ ግን ቁጥሩን ብቻ ነው ያየችው። ቤቱ ዝግ ነው። የአክስቴ ልጅ ቤቷ ቅርብ ስለሆነ መጥታ ከፈተችላት፤ እኔ ብሆን አልነሳም ነበር።

የምንለጥፍበትን ሰዓት በተመለከተ፣ መጀመሪያ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነበር የማወጣው። ማንም አያየውም። ያኔ ሴቱ ገበያ ነው፣ ሥራ ነው። ወደ 8 ሰዓት ተኩል ቀየርኩት። ያኔ ድሬ ምን ታደርጋለች? ጋደም ብላለች፣ ስልክ በእጇ ነው።

ሳምንቱ ውስጥ በየቀኑ አንዲት አጭር ጽሑፍ ብቻ። «ለነገ 2 ቦታ ቀርቷል።» «የረቡዕ ሞልቷል።» እውነቱን ብቻ። ማክሰኞ ዕለት አራት ቦታ ባዶ ነበር፣ እሷ «ሞልቷል እንበል፣ ሰው ይጓጓል» አለች። እሺ፣ ሞልቷል ብለን ባዶ ወንበር ላይ እንቀመጥ? «4 ቦታ አለ» አልን። ሁለቱ ተያዙ።

ቀጠሮ ስንይዝ ገንዘብ ቀድመን አልጠየቅንም። አንዳንዶች 100 ብር በቴሌብር አስቀድማችሁ አስከፍሉ ይላሉ። ለአዲስ ቤት ከባድ ነው፤ ማን ያውቅሻል? እኛ ማታ ላይ «ነገ 3:30 እንጠብቅሻለን፣ ካልመጣሽ ንገሪን» ብለን እንልካለን። ሩብ ሰዓት ካረፈደች ተራው ያልፋል። ይሄም መልእክቱ ላይ አለ።

በሩ አጠገብ ደብተር አስቀመጥን። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ «ስለኛ ከየት ሰማሽ?» ከ30ው ቦታ 26 ሰው መጣ። 12ቱ ጓደኛ በቴሌግራም የላከችላቸው ናቸው። 7ቱ የቤቱን ባነር አይተው ከመንገድ የገቡ። 3ቱ በዘመድ። ቲክቶክ? 4። የባጃጁ ቪዲዮ በሺዎች ታይቶ ነበር እኮ! አስተያየቱን ስናነብ ግማሹ «ድሬ ናፈቀችኝ» ነው፤ ከጅዳ፣ ከአዲስ አበባ፣ ከቶሮንቶ። ቶሮንቶ ያለች ሴት ሳቢያን መጥታ አትታጠብም። በዚህ ምክንያት ከዚያ በኋላ ቲክቶኩን ቀነስን፣ ለባነሩ ግን ማታ የሚያበራ መብራት ገዛንለት።

ከ26ቱ 11 ከፋሲካ በፊት ተመልሰው መጡ፣ በሙሉ ዋጋ፣ ያለ ምንም ስጦታ። ሁለቱ እናታቸውን ይዘው። ያልተመለሱት 15ቱ ለምን እንደቀሩ ሁሉንም አልጠየቅንም። አንዷን ገበያ አግኝቻት ጠየቅኳት። «ካስኩ በጣም ይሞቃል» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ አንደኛው ካስክ ወደ ዝቅተኛ ስታዞሪው አይወርድም ነበር። አሠራነው። ይሄንን ፖስቱ ሥር የሚሰበሰበው የልብ ምልክት አይነግርሽም።

የመጨረሻው ፖስት ዓርብ ማታ ወጣ። «ስጦታው አብቅቷል። ለመጣችሁ እናመሰግናለን። ከነገ ጀምሮ ሁሉም በዝርዝሩ ዋጋ ነው።» «አንድ ሳምንት አራዝሙት» ያሉ ነበሩ። የአክስቴ ልጅ ልቧ ራራ። እኔ ግን ሰኞ ጠዋት ተነስታ፣ ልጅ ለጎረቤት ጥላ፣ ሰዓቷን አክብራ የመጣችውን ሴት አሰብኩ። ዛሬ ለቀረችው ብናራዝም ያቺ ምን ትላለች?

በሚቀጥለው ሰኞ 3 ሰዓት ላይ አንዲት እናት ስክሪንሾቱን ይዘው መጡ። ልጃቸው ናት የላከችላቸው። ምስሉ ላይ ቀኑ አለ፤ እሳቸው ግን ማንበብ አይችሉም። የአክስቴ ልጅ እኔን አየችኝ። እኔ ደግሞ ጣሪያውን አየሁ። «እማማ፣ አልፏል፣ ግን ዛሬ ይግቡ» አለቻቸው። ዘይቱን ስታሞቅ ዝቅ ብላ «ይሄ ፖስት ላይ አይወጣም» አለችኝ።

ጥያቄ ያላችሁ። ማራገቢያዋን ግን መጀመሪያ ወደዚህ መልሱልኝ።